ኢሊያ ላይ የነበረው መሬት የማን ነበር?

እኛ ኒውላንድ ሰፈር ቁጭ ብለን ስናወራ ነገሩ ሁሉ አጭር ነው። «ሕንዶቹ» እንላለን፣ በቃ። ካሩቱሪ ሲባል የእርሻም፣ የኩባንያም፣ የሰውም ስም ሆኖ በአንድ ቃል ያልፋል። ሰሞኑን አንድ ወጣት «ለመሆኑ ያ ሁሉ መሬት በማን ስም ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን አፌን ሞልቼ መመለስ አቃተኝ። ስለዚህ ያገኘሁትን እዚህ ልጽፈው።

ከካሩቱሪ በፊት ግን አንድ የራሴ ነገር። ዘመዴ ከዓመታት በፊት የጭነት መኪና ለአንድ እርሻ አከራይቶ ነበር። (ካሩቱሪ አይደለም፣ ትንሽ እርሻ ነው፣ ስሙን አልጠራም።) ውሉን የፈረመለት አንድ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያውን ወር ክፍያ የከፈለው ሌላ ኩባንያ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ክፍያው ሲቆም ወደ ቢሮው ሄድን። ቢሮው ያው ነው፣ ሥራ አስኪያጁም ያው ነው። «ውል የገባው ኩባንያ ገንዘብ የለውም፣ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ደግሞ ከእናንተ ጋር ውል የለውም» አለን። ፈገግ እያለ ነው ያለን። ሰውየው በሕግ አልተሳሳተም ነበር፤ ነገሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ካሩቱሪ እንምጣ።

ካሩቱሪ የቤተሰብ ስም ነው። ሳይ ራማክሪሽና ካሩቱሪ የሚባለው የባንጋሎር ነጋዴ ሥራውን የጀመረው በፅጌረዳ አበባ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያም መጀመሪያ የመጣው በአበባ ነው፤ ሆለታ አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር የነበረውን ትልቅ የሆላንዶች የአበባ እርሻ ገዛ፤ በዚያም በዓለም ትልቁ ፅጌረዳ አምራች ተባለ። ወደኛ ወደ ጋምቤላ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሉ የተፈረመው ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ግብርና ሚኒስቴር በዚያን ጊዜ የትላልቅ እርሻዎችን ውል በድረ ገጹ ያወጣ ስለነበር ማንም ሊያነበው ይችል ነበር። መሬቱ 100,000 ሄክታር ነው፣ በኢታንግና በጂካዎ በኩል። ዘመኑ 50 ዓመት ነው። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር፣ ማለትም ለጠቅላላው መሬት በዓመት 2 ሚሊዮን ብር። ሰው ሁሉ የሚያነሳው ይህችን 20 ብር ነው፤ ልክም ነው። እኔ ግን በኋላ ያፈጠጥኩት የተከራዩ ስም ላይ ነው። ውሉን የገባው ሳይ ካሩቱሪ አይደለም። ባንጋሎር ያለው ካሩቱሪ ግሎባልም አይደለም። «ካሩቱሪ አግሮ ፕሮዳክትስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ነው፤ እዚሁ አገር የተመዘገበ፣ የኢትዮጵያ ኩባንያ።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውን ቃል በየሱቁ ታፔላ ላይ እያየን ስለምናልፈው ትርጉሙ ጠፍቶብናል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ኩባንያው ቢከስር ባለ አክሲዮኑ የሚያጣው ያስገባውን መዋጮ ብቻ ነው። ባለገንዘብ ወደ ቤቱ አይመጣም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ፣ ባልየው ሁሉንም ይዞ ሚስቱን ወይም ወንድሙን በአንድ አክሲዮን የሚያስመዘግበው ከዚህ የተነሳ ነው። አባሉ ግን ሰው መሆን የለበትም። ሌላ ኩባንያም አባል መሆን ይችላል። የዚያ ኩባንያ አባል ደግሞ ሌላ ኩባንያ፣ ውጭ አገር የተመዘገበ።

የካሩቱሪም እንዲያ ነበር። ከታች እርሻ የያዘው የኢትዮጵያ ማኅበር አለ። ከጎኑ አበባውን የያዙ ሌሎች ማኅበራት አሉ፤ አንዱ ለምሳሌ «ኢትዮጵያን ሜዶውስ» ይባላል። ካሩቱሪ የሚል ፊደል በስሙ ውስጥ የለም። ኬንያ ሌላ ኩባንያ አለ። መሀል ላይ ዱባይ የተመዘገቡ የቡድኑ ኩባንያዎች አሉ። ከላይ ባንጋሎር ካሩቱሪ ግሎባል ተቀምጦ ነበር፤ እሱ ደግሞ በሕንድ የአክሲዮን ገበያ ይሸጥና ይገዛ ስለነበር ከቤተሰቡ ሌላ የማናውቃቸው ብዙ ባለ አክሲዮኖች ነበሩት። በሕንድ ደንብ ቤተሰቡ «መሥራች» ተብሎ የያዘውን ድርሻ በየሦስት ወሩ ያሳውቅ ነበር። ስለዚህ አስቡት፦ የኢታንግ ገበሬ ከብቱን የሚያሰማራበት መሬት በማን እጅ እንደነበረ ማወቅ ቢፈልግ፣ ዝርዝሩ የሚገኘው ሙምባይ ነበር እንጂ ጋምቤላ ከተማ ከክልሉ ቢሮ አይደለም።

እዚህ ላይ ፍርዴን ቀጥታ ልናገር። «ባለቤቱ ተደበቀ» ስንል ብዙዎቻችን የሚመጣብን ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። በካሩቱሪ ጉዳይ ስሙ አልተደበቀም፤ ሰውየው በየጋዜጣው ቃለ ምልልስ ይሰጥ ነበር። የተሰወረው ሌላ ነገር ነው፦ ትርፉ የት እንደሚያርፍና ዕዳው የት እንደሚቀር። ከስሙ ይልቅ እኛን የሚመለከተን ደግሞ ይሄኛው ነው።

ትርፉ የት እንደሚያርፍ በደንብ የታየው ኬንያ ነው። የናይቫሻው እርሻ አበባውን ለአውሮፓ ገበያ ያቀርብ ነበር፤ ሽያጩ ግን በወረቀት ላይ በዱባይ ነፃ ቀጠና በተመዘገበ የዚያው ቡድን ኩባንያ በኩል ያልፍ ነበር። አሠራሩ እንዲገባን በራሴ ቁጥር ላስረዳ (ቁጥሩ ምሳሌ ነው)። አንድ ዘንግ ፅጌረዳ ለማምረት 9 ሳንቲም ወጣበት እንበል። የኬንያው ኩባንያ ለዱባዩ እህት ኩባንያ በ10 ሳንቲም ሸጠ። ዱባይ ደግሞ ለአውሮፓ በ15 ሸጠ። አበባው ራሱ ዱባይን ላያይ ይችላል፤ የሄደው ደረሰኝ ነው። ጠቅላላ ትርፉ 6 ሳንቲም ነው፤ ኬንያ የቀረችው ግን አንዲቷ ብቻ ናት። የኬንያ የትርፍ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ መንግሥት ከ6ቱ ላይ 1.8 ሳንቲም ያገኝ የነበረው አሁን 0.3 ብቻ ያገኛል። የዱባዩ 5 ሳንቲም በዚያን ጊዜ ግብር አይከፈልበትም ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች ባዕድ ቢሆኑ ኖሮ ሻጩ በ10 አልሸጥም ብሎ ይከራከር ነበር። እዚህ ግን ሻጭና ገዢ አንድ ቤት ናቸው፤ ማን ከማን ጋር ይከራከራል?

የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ይህን ዓይነት ዋጋ ይዞ ካሩቱሪን ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰማው ውሳኔ የሚጠየቀውን ግብር ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር አደረሰው። ኩባንያው ጥፋት የለብኝም ብሎ ተከራክሯል፣ ያንንም መጻፍ አለብኝ። በዓመቱ፣ በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ.፣ ያበደረው ባንክ የናይቫሻውን እርሻ በንብረት ጠባቂ እጅ አስገባው። ብዙ ሺህ የአበባ ሠራተኞች ደመወዛቸውን ለመጠየቅ የተጋፈጡት ያንን በዕዳ የተያዘውን የኬንያ ኩባንያ ነው። ዱባይ ሌላ ኩባንያ ነው፤ ባንጋሎርም ሌላ።

በኛ በኩል ታሪኩ የተበላሸው በሌላ መንገድ ነው፤ እኛ ጋ መጀመሪያ ትርፍ የሚባል ነገር አልመጣም። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባሮ ሞልቶ የደረሰውን በቆሎ ወሰደው። እዚህ የተወለደ ሰው ያ ሜዳ በክረምት ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ጠያቂ አልነበረም እንጂ። ከዚያ ትራክተሮቹ ቆሙ፣ ባንኮችም ዕዳቸውን ፍለጋ ንብረቱን ለጨረታ ማውጣት ጀመሩ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን አቋረጠ፤ ምክንያቱም ከ100,000ው ሄክታር የለማው 1,200 ያህል ብቻ ነው የሚል ነበር። ኩባንያው ማቋረጡን አልቀበልም አለ።

እና በዚህ ጊዜ እጁን ዘርግቶ የሚጠይቅ ሰው፣ ለምሳሌ ያልተከፈለው ሾፌር ወይም ናፍጣ ያቀረበ ነጋዴ፣ ፊቱ ያለው ማን ነው? የታችኛው ማኅበር። የማኅበሩ ትልቁ ሀብት የኪራይ ውሉ ነበር፤ ውሉ ሲቋረጥ እሱም አበቃ። ማሽኑ በባንክ ተይዟል። ላይ ወዳለው ኩባንያ ለመውጣት ደግሞ ሁለት አገር አልፎ፣ ኩባንያዎቹ በስም ብቻ የተለያዩ መሆናቸውን ለፍርድ ቤት ማስረዳት ያስፈልጋል። ለናፍጣ ዕዳ ይህን የሚያደርግ ሰው አላየሁም።

ሌላም የማይታይ ነገር አለ። መንግሥት መሬቱን ሲያከራይ ተከራዩን መርጦ ነው የሚያከራየው፣ ይባላል። ግን የላይኛው ኩባንያ አክሲዮን ባንጋሎር ወይም ዱባይ ላይ ቢሸጥ፣ የኢታንግ ውል ላይ አንድ ፊደል አይቀየርም። ተከራዩ ያው ነው፣ ማኅተሙ ያው ነው፤ ከጀርባው ያለው ሰው ግን ተቀይሯል።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተንቀሳቅሷል። ገንዘብ ማጠብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 780/2005 ባንኮች ከኩባንያው ጀርባ ያለውን እውነተኛ ተጠቃሚ ሰው እንዲለዩ አዝዞ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (1243/2013) አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ስለዚህ የሚስትን ስም ለይስሙላ ማስገባት አያስፈልግም። የኩባንያዎች ቡድን የሚባለውንም ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርቶ እናትና ልጅ ኩባንያ ምን እንደሆኑ ደንግጓል። ከላይ ያለው ሰንሰለት ውጭ አገር ሲገባ ግን እኛ ልናነብ የምንችለው ያ አገር የሚያሳየንን ያህል ብቻ ነው። ሕንድ ያሳያል። የዱባይ ነፃ ቀጠናዎች ባለ አክሲዮኖቻቸውን ለሕዝብ ሳያሳዩ ነው የኖሩት።

ለሰፈሬ ልጆች፣ መኪና ለምታከራዩም እህል ለምታቀርቡም፣ ከዘመዴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ውሉ ላይ ያለው ስም፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ስም፣ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። አንድ ካልሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ከፋዩም ኩባንያ በውሉ ላይ ዋስ ሆኖ ይፈርም በሉ። እምቢ ካለ መኪናውን አትስጡ። ዘመዴ እስከ ዛሬ የሁለት ወር ኪራይ አለበት፤ ኩባንያው ፈርሷል፣ ሥራ አስኪያጁን ግን ባለፈው ከተማ ውስጥ አየሁት፣ የሌላ ኩባንያ ስም የተጻፈበት መኪና እየነዳ።