ቆፈን እና ሬይኖ

ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ከማቀዝቀዣ ሥጋ ስታወጣ ሁለት ጣቶቿ እንደ ኖራ ነጡ፤ ቆይተው ሰማያዊ ሆኑ፤ ሲሞቁ እየጠዘጠዟት ቀሉ። ሐኪሟ የጻፈላትን «ሬይናውድ» ብላ አነበበችልኝ። መጨረሻው ፊደል አይነበብም፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ሁኔታውን በመመረቂያ ጽሑፉ የገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ ነው።

እኛ «ቆፈን» የሚል ግሩም ቃል አለን። ነገር ግን ቆፈን ብርድ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያደነዝዛል፤ የሬይኖው ግን ከልክ ያለፈ ነው። ብርድ ወይም ድንጋጤ ሲመጣ ነርቮች የጣትን ትናንሽ ደም ወሳጆች አጥብቀው ያኮማትራሉ። ደም ሲቋረጥ ጣቱ ይነጣል፤ እዚያው የቀረው ደም ኦክስጅኑን ሲጨርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ መንገዱ ሲከፈት ይቀላል። በጠይም ቆዳ ላይ ለውጡ ስለሚደበቅ ጥፍርንና የጣትን ውስጠኛ ገጽ ማየት ይሻላል።

«የሬይኖ በሽታ» ማለት ሁልጊዜ አይስማማኝም፤ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሌላ ሕመም የለምና። «የሬይኖ ቆፈን» ብንለው ደስ ይለኛል። ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረ፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚታይ ወይም ጣትን የሚያቆስል ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።