ፖስት «ቡስት» ማድረግ፦ ታርጌቱ፣ የቀን በጀቱና የውጤት ሪፖርቱ እንዴት ይነበባሉ?

በዓለም ከተማ የሚገኝ አንድ መድረሳ የክረምት የቁርኣንና የተጅዊድ ትምህርት ምዝገባ መጀመሩን በፌስቡክ ገጹ አስታወቀ እንበል። ገጹ 3,000 ተከታይ አለው፤ ፖስቱን ግን ያየው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ነው። ወንድሞች ተሰባስበው 10 ዶላር የሚሆን ገንዘብ አዋጡና «ቡስት እናድርገው» አሉ። ገንዘቡ የጀመዓው ነው፤ ስለዚህ የት እንደገባ መጠየቁ አይቀርም። እኛም ይህን ምሳሌ ይዘን፣ ቁልፉ ከተነካበት ጊዜ ጀምሮ ሪፖርቱ እስኪነበብ ድረስ ያለውን እንመለከታለን። መድረሳውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት ያቀረብናቸው ናቸው፤ አሠራሩ ግን እውነተኛው ነው።

ቡስት ማለት በገጹ ላይ ያለውን ፖስት ማስታወቂያ አድርጎ ተከታይ ላልሆኑ ሰዎች ጭምር ማሳየት ነው። ከፖስቱ ሥር ያለው Boost post የሚለው ቁልፍ ሲነካ በቅድሚያ የሚመጣው ጥያቄ ዓላማው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ሳናስተውል እናልፋለን። ፌስቡክ ያዘዝነውን ይፈጽማል። ላይክና ኮሜንት ከመረጥን፣ በመረጥነው አካባቢ ካሉት ሰዎች መካከል ያገኙትን ሁሉ ላይክ የማድረግ ልማድ ላላቸው ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ልጅ ላይኖራቸው ይችላል። መልእክት እንዲላክልን ከመረጥን ደግሞ ለገጾች መልእክት መጻፍ ለሚወዱ ያሳያል። መድረሳው የሚፈልገው ወላጅ ደውሎ ወይም ጽፎ ልጁን እንዲያስመዘግብ ስለሆነ፣ ምርጫው መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ መሆን አለበት። ላይክ ወንበር አይሞላም።

ቀጥሎ ያለው Audience ማለትም ታርጌት ነው። በዚህ በኩል በብዛት የሚቀርብልን ጥያቄ «ሙስሊሞችን ብቻ መምረጥ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። አይቻልም። ሜታ ኅዳር 9 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስታወቂያ፣ ከሃይማኖት፣ ከጤና፣ ከፖለቲካ አቋምና ከመሳሰሉት ስሱ ጉዳዮች ጋር የተያያዙ የታርጌት አማራጮችን እንደሚያነሳ ገለጸ። ለውጡም ከጥር 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ምክንያቱ አማራጮቹ ሰዎችን ለይቶ ለማግለል ወይም ለመጉዳት ሊውሉ ይችላሉ የሚል ስጋት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውም ቢሆን የሰውየውን እምነት የሚያውቅ አልነበረም፤ በነካካቸው ገጾችና ጽሑፎች ላይ ተመርኩዞ «ፍላጎት አለው» ብሎ የሚገምት ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ደንብ አለ። ማስታወቂያው የሚያየውን ሰው እምነት የሚናገር ወይም የሚጠይቅ መሆን የለበትም። «ሙስሊም ነዎት? እንግዲያው ልጅዎን ያስመዝግቡ» የሚል ፖስት በግምገማ ላይ ሊወድቅ ይችላል። «የክረምት የቁርኣን ትምህርት ምዝገባ በዓለም ከተማ ተጀምሯል» የሚለው ግን ስለ ትምህርቱ እንጂ ስለ አንባቢው ማንነት ስለማያወራ ከዚህ ደንብ ጋር አይጋጭም። ግምገማው ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ምዝገባው በሚዘጋበት ዋዜማ ቡስት ማድረግ አይመከርም።

ታዲያ ሃይማኖት ካልተመረጠ ፖስቱ ለትክክለኛው ሰው እንዴት ይደርሳል? የማጣራቱን ሥራ ፖስቱ ራሱ ይሠራል። ፎቶው የመድረሳውን ክፍል ካሳየ፣ የመጀመሪያው መስመርም የቁርኣን ትምህርት መሆኑን ከተናገረ፣ የማይመለከተው ሰው ያልፈዋል፤ የሚመለከተው ይቆማል። ሥርዓቱም ማን እንደቆመና ማን እንደጻፈ እያየ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ለተመሳሳይ ሰዎች ማሳየትን ያዘነብላል። ለእኛ የሚቀሩልን መምረጫዎች ቦታና ዕድሜ ናቸው፤ በአግባቡ ከተያዙ ይበቃሉ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከተማ ሲመረጥ በዙሪያው ከ17 እስከ 80 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ክብ ይሠራል። ክቡ መንገድንም ገደልንም አያውቅም። ዓለም ከተማን መሃል አድርገን 80 ኪሎ ሜትር ብንሰጠው ደብረ ብርሃንም ፍቼም ይገቡበታል። እነዚህ ሰፊ ከተሞች ብዙ የፌስቡክ ተጠቃሚ ስላላቸው፣ ሥርዓቱ ርካሽ የሆነውን ሰው ፈልጎ አብዛኛውን ገንዘብ እዚያ ይጨርሰዋል። ደብረ ብርሃን ያለ አባት ልጁን በየቀኑ መርሐቤቴ ድረስ አይልክም። ካርታው ላይ ቅርብ መስሎ የሚታየው የጀማ ወንዝ ማዶም ቢሆን ሸለቆውን ወርዶ መውጣትን የሚጠይቅ ነው። ለዚህ መድረሳ የሚስማማው ትንሹ ክብ፣ ማለትም 17 ኪሎ ሜትሩ ነው። የከተማው ስም በፍለጋው ካልወጣ ካርታው ላይ ምልክት መትከል ይቻላል። ስሙ ከወጣም የተመረጠው ቦታ ራሱ መሆኑን ካርታውን አስፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ዕድሜውን ከ25 እስከ 55 ብናደርገው ለወላጆች ይቀርባል። ቋንቋን ግን ባዶ መተው ይሻላል። ስልኩን በእንግሊዝኛ የሚጠቀመው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ አማርኛን ብንመርጥ አማርኛ አንባቢውን ራሱን ልናስቀር እንችላለን። አማርኛን መምረጥ የሚጠቅመው የዓለም ከተማ ተወላጆችን በውጭ አገር ስንፈልግ ነው። ያ ግን ሌላ ፖስት፣ ሌላ ዓላማና ሌላ በጀት የሚፈልግ ነው። ለምዝገባውና ለመድረሳው ጣሪያ እርዳታ ለመጠየቅ አንድ ቡስት መጠቀም ሁለቱንም ያበላሻል።

አንድ ነገር እናስታውስ። Advantage+ audience የሚል አማራጭ በርቶ ከሆነ፣ የሰጠነውን ዕድሜ ሥርዓቱ እንደ ጥቆማ ብቻ ወስዶ ከዚያ ውጭ ሊሄድ ይችላል። እንደመረጥነው እንዲቆይ ከፈለግን ይህን አማራጭ ትተን በራሳችን ምርጫ የሚዘጋጀውን ታርጌት እንይዛለን።

ወደ በጀቱ ስንመጣ፣ 10 ዶላሩን በቀን 2 ዶላር ለ5 ቀናት እናካፍለው። የቀን በጀት ማለት አማካይ ነው። ጥሩ አጋጣሚ ያገኘ ቀን ከ2 ዶላር በላይ ሊወጣ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን 2.30 ቢታይ ስርቆት አይደለም። ዋናው ጥንቃቄ የማብቂያ ቀኑን መሙላት ነው። ያለ ማብቂያ ቀን የተተወ ቡስት ካርዱ ላይ ገንዘብ እስካለ ድረስ በየቀኑ እየወሰደ ይቀጥላል። ገንዘቡን በአንድ ቀን ማፍሰስም አይጠቅምም፤ በትንሽ ከተማ ያው ሰው ያንኑ ፖስት ደጋግሞ ያየዋል እንጂ አዲስ ሰው አይመጣም።

ክፍያው በዶላር በሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ስለሚፈጸም፣ ብዙዎች በብር ተቀብሎ በራሱ ካርድ የሚከፍል ሰው ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ የገጹን ፓስወርድ መስጠትም ሆነ ሙሉ አስተዳዳሪ ማድረግ አያስፈልግም። ማስታወቂያ ብቻ እንዲሠራ የሚያስችል ውስን ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ሥራው ሲያልቅም የላይኩን ብዛት የሚያሳይ ፎቶ አይበቃም፤ Amount spent የሚለው መስመር የሚታይበትን ሪፖርት መጠየቅ የገንዘቡ ባለቤት መብት ነው። በአይፎን አፕ ቡስት የሚያደርግ ደግሞ አፕል 30 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ እንደሚጨምር ይወቅ፤ አሠራሩ በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረ ነው። በብሮውዘር ገብቶ መክፈል ከዚህ ያድናል።

አሁን 5ቱ ቀን አለፈና ሪፖርቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ Reach 6,400፣ Impressions 14,720፣ Post engagement 910፣ የተጀመሩ የመልእክት ንግግሮች 19፣ ወጪ 10 ዶላር። Reach ማለት ቢያንስ አንድ ጊዜ ፖስቱ ስክሪናቸው ላይ የደረሰ ሰዎች ግምት ነው፤ አነበቡት ማለት አይደለም። Impressions ደግሞ ፖስቱ በጠቅላላው የታየበት ብዛት ነው፤ አሁን በአንዳንድ ቦታ Views ተብሎ ይመጣል። 14,720ን ለ6,400 ስናካፍል 2.3 እናገኛለን፤ አንድ ሰው በአማካይ ሁለት ጊዜ ከምናምን አይቶታል ማለት ነው። ይህ ቁጥር Frequency ይባላል። Reach ሳይጨምር እሱ ብቻ 5 እና 6 እየሆነ ከሄደ አካባቢው ጠግቧል፤ ቡስቱን ማቆም ነው።

910 የሚለው በጣም ያስደስታል፤ የሚያታልለውም እሱ ነው። ፎቶውን ለማስፋት የነካ፣ ተጨማሪውን ለማንበብ የከፈተ፣ ላይክ ያደረገ፣ ሼር ያደረገ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደምረው ነው። በቪዲዮ ጊዜም 3 ሰከንድ ያየ ሰው እንደ ተመልካች ሊቆጠር ስለሚችል፣ ቢያንስ 15 ሰከንድ (ቪዲዮው ከዚያ ካጠረ እስከ መጨረሻው) ያዩትን የሚያሳየው ThruPlay የተሻለ እውነት ይናገራል። የመድረሳው ትክክለኛ ውጤት 19ኙ ናቸው። 10 ዶላር ለ19 ሲካፈል አንድ መልእክት 53 ሳንቲም ገደማ ፈጅቷል። ከ19ኙ መካከል 7ቱ ልጅ ካስመዘገቡ ደግሞ አንድ ምዝገባ 1.43 ዶላር ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ፌስቡክ አያውቀውም፤ የሚታወቀው ምዝገባ የሚቀበለው ኡስታዝ «ከየት ሰሙ?» ብሎ ከጠየቀና መዝገቡ ላይ ከጻፈ ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ውጤቱን በዕድሜ፣ በጾታና በቦታ ከፋፍሎም ያሳያል። እዚያ ላይ አብዛኛው ተመልካች ከ18 እስከ 24 ዓመት ያለ ወጣት ሆኖ ከተገኘ Advantage+ በርቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ቦታው በአብዛኛው አዲስ አበባ የሚል ከሆነ ግን ወዲያውኑ ተሳሳትን ማለት አይደለም። ፌስቡክ የሰውን ቦታ ከስልኩ መረጃና ከኢንተርኔት መስመሩ ይገምታል፤ የሞባይል ዳታ መስመር ደግሞ ሰውየው ካለበት ከተማ ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣ መስሎ ሊነበብ ይችላል። Reach ራሱ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ከፖስቱ በፊት ኔትወርኩን መጠየቅ ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። በእንደዚያ ዓይነት ጊዜ የሚከፈል ቡስት አገር ቤት ያለውን ወላጅ አያገኝም፤ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በመስጂዱ የሚነገር ማስታወቂያ ግን ያገኘዋል።

ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መሞከር ይሻላል፤ ፎቶውን ወይም ዕድሜውን። ሁለቱም አብረው ከተቀየሩና መልእክቱ ከ19 ወደ 30 ካደገ፣ የትኛው እንዳሳደገው ለማወቅ አይቻልም። የመጀመሪያውን ሪፖርት ከመዝገቡ ጋር አብሮ ማስቀመጥም ያስፈልጋል፤ ለመጪው ክረምት ምዝገባ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚዋጣ የሚወሰነው ከእሱ ተነስቶ ነው።