ቁርጡ የቱ ነው?

«ጡረታዬ ስንት ብር ደረሰ?» ትለኛለች ገና ሥራ የያዘችው የእህቴ ልጅ። ይህ ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚሆን ጥያቄ ነው። ጡረታ «ጦረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ጧሪ ደግሞ «ስንት አስቀመጥሽ?» አይልም። ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ ለጡረታ ይገባል፤ በስሟ የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ግን የለም። አበሏን የሚወስነው ቀመር ነው፦ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት አገልግላ አማካይ ደመወዟ 20,000 ብር ቢሆን፣ 55 በመቶው ማለትም 11,000 ብር በየወሩ ዕድሜ ልኳን ይከፈላታል። (ኑሮው ቢወደድስ? እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) በፕሮቪደንት ፈንድ ግን አስቀድሞ የሚታወቀው የሚዋጣው ብቻ ነው። ከሥራ ስትለቅ የተጠራቀመውን ከነትርፉ በአንዴ ትወስዳለች፤ ካለቀ አለቀ። እኔ የፊተኛውን «ቁርጥ አበል»፣ የኋለኛውን «ቁርጥ መዋጮ» ብንላቸው እመርጣለሁ። አዲስ ተቀጣሪዎች፣ ውሉን ሳትፈርሙ ቁርጡ አበሉ ይሁን መዋጮው ጠይቁ።