የሚያውቁትን ድምጽ አስመስሎ የሚደውል አጭበርባሪን መለያ መንገዶች

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምጽ አስመስሎ ለመሥራት በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀ አጭር ቅጂ ሊበቃ ይችላል። በቪዲዮ ጥሪም የሌላ ሰው ፊት ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ የለመዱትን ድምጽ መስማት ወይም ፊት ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ይፋ በሆነ ወንጀል፣ «አሩፕ» የተሰኘው የምህንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ በምስጢር ገንዘብ እንዲያስተላልፍ የሚጠይቅ መልእክት ደርሶት በመጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። በቪዲዮ ስብሰባ የፋይናንስ ኃላፊውንና ባልደረቦቹን የሚመስሉ ሰዎች ሲያይ ግን ጥርጣሬውን ተወ፤ በ15 ጊዜ 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላለፈ። ማጭበርበሩን ያወቀው ዘግይቶ ዋናውን መሥሪያ ቤት ሲጠይቅ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ የፌራሪ ኩባንያ ኃላፊ የዋና ሥራ አስፈጻሚውን ድምጽ በስልክ ሲሰማ፣ «ከጥቂት ቀናት በፊት እንዳነብ የነገሩኝ መጽሐፍ ርዕሱ ማን ነበር?» ሲል ጠየቀ። ጥሪው ወዲያው ተቋረጠ።

በውጭ አገር ያለ ልጅዎ «ታስሬያለሁ፤ በፍጥነት ገንዘብ ላኩ፤ ለማንም አትንገሩ» ቢልዎ ስልኩን ይዝጉ። ከዚያም ቀድሞ በመዘገቡት ቁጥር እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። ደዋዩ የሚሰጥዎትን ቁጥር አይጠቀሙ፤ በስልክዎ ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥርም ሊመሳሰል ይችላል። ልጅዎ ካላነሳ፣ አብሮት የሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ይጠይቁ፤ እስኪረጋገጥም ገንዘብ አይላኩ።

ቤተሰብ በአካል ሲገናኝ የሚስማማበት የምስጢር ቃልም ይረዳል። ቃሉ በመልእክት መላክ የለበትም፤ የአያት ስም ወይም የትውልድ ቀበሌን የመሰለ ሌላ ሰው ሊያውቀው የሚችል ነገርም አይሁን።