«ዛሬ ካልከፈሉ» የሚሉ የሐሰት የታክስና የመብራት ማስጠንቀቂያዎች በአሜሪካ

የሐሰት የክፍያ ማስጠንቀቂያ የታክስ መሥሪያ ቤትን ወይም የመብራት፣ የውኃና የጋዝ ድርጅትን ስም በመያዝ በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በኢሜይል ወይም በአጭር መልእክት የሚፈጸም የማጭበርበር ዓይነት ነው። የተደወለለት ሰው ያልከፈለው ዕዳ እንዳለበት፣ በዕለቱ ካልከፈለም እንደሚታሰር፣ እንደሚቀጣ ወይም መብራቱ እንደሚቆረጥ ይነገረዋል። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው ማጭበርበሩ በአሜሪካ በያዘው መልክ ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዚህ ማጭበርበር ዋና መሣሪያ የጊዜ ገደቡ ነው። አጭበርባሪው ስለተደወለለት ሰው የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ፣ ሰውየው አካውንታንቱን ቢጠይቅ፣ የቆየ ቢሉን ቢያወጣ ወይም አንድ ሌሊት ቢያድር ነገሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ሥራው በአንድ ጥሪ ውስጥ መጀመርና ማለቅ አለበት። እውነተኛ ዕዳ ግን የሚሰበሰበው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በሚዘልቅ የደብዳቤ ሰንሰለት ነው። ሐሰቱን ከእውነቱ ለመለየት ከሁሉ የሚያስተማምነው ይህ ልዩነት ነው።

የታክስ ጥሪው ታሪክ

የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ነው። በስሙ የሚደረጉ የማስፈራሪያ ጥሪዎችን የግምጃ ቤቱ የታክስ አስተዳደር ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ መመዝገብ የጀመረው በጥቅምት 2013 ነበር። ጥሪዎቹ በቀጣዮቹ ዓመታት መላ አገሪቱን አዳረሱ። በጥቅምት 2016 መጀመሪያ የሕንድ ፖሊስ በሙምባይ አቅራቢያ በምትገኘው ታኔ የጥሪ ማዕከሎችን ወርሮ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ያዘ። በዚያው ወር መጨረሻ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ56 ሰዎችና በሕንድ አሕመዳባድ ባሉ 5 የጥሪ ማዕከሎች ላይ በቴክሳስ የተከፈተውን ክስ ይፋ አደረገ። በ2018 በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ ከ20 በላይ የመረቡ አባላት የተፈረደባቸው ሲሆን፣ ከፍተኛው ቅጣት የ20 ዓመት እስር ነበር።

ክሱ የሥራ ክፍፍሉን በግልጽ አሳይቷል። በሕንድ ያሉት ደዋዮች የሰዎችን ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘ ዝርዝር ከመረጃ ነጋዴዎች ያገኙና የተዘጋጀ ጽሑፍ እያነበቡ ይደውሉ ነበር። ደዋዩ የአይአርኤስ ወይም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ ይልና እስርን፣ ቅጣትን ወይም ከአገር መባረርን ያነሣል። የፈራው ሰው ሱቅ ሄዶ ካርድ ላይ ገንዘብ ያስሞላና የካርዱን ቁጥር በስልክ ያነብለታል። በአሜሪካ ያሉት ተባባሪዎች ደግሞ ገንዘቡን በተሰረቁ ማንነቶች ወደተመዘገቡ ቅድመ ክፍያ ካርዶች አዛውረው ወዲያው መኒ ኦርደር ይገዙበታል። ተጎጂው ተታልያለሁ ብሎ ሲነቃ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከካርዱ ወጥቷል። ማስፈራሪያው እንዲያ የሚጣደፈውም ለዚህ ነው።

የኢሚግሬሽን ስም የተጨመረው ለስደተኞች ሆን ተብሎ ነው። ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ሰው መንግሥትን የሚያስቀይም ነገር ሁሉ ጉዳዩን የሚያበላሽበት ይመስለዋል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙዎቹ ታክሲ ወይም ኡበር ይነዳሉ፣ ወይም የራሳቸውን ንግድ ያካሂዳሉ። እንዲህ የሚሠራ ሰው ታክሱ ከደመወዙ ላይ ስለማይቆረጥለት በየሩብ ዓመቱ ራሱ አስልቶ ይከፍላል፤ በዓመቱ መጨረሻም ዕዳ ሊቀርበት ይችላል። «ዕዳ አለብህ» የሚለው ጥሪ የሚይዘው ሞኝን ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው በእርግጥ ትንሽ ዕዳ ያለበትንና መጠኑን በትክክል የማያውቀውን ሰው ነው።

የሐሰት ደብዳቤ፦ ሲፒ2000

ማጭበርበሩ በጽሑፍም ይመጣል። በመስከረም 2016 አይአርኤስ በስሙ ስለሚላክ የሐሰት ሲፒ2000 ደብዳቤ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። እውነተኛው ሲፒ2000 የሚላከው አሠሪ ወይም ባንክ ለመሥሪያ ቤቱ ያሳወቀው ገቢ ግብር ከፋዩ ካቀረበው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ሐሰተኛው ግን በኢሜይል ተያይዞ መጣ። ጉዳዩንም ከ2014 የጤና መድን ጋር አያይዞ፣ ቼኩ «አይአርኤስ» ተብሎ ተጽፎ ኦስቲን ወዳለ የፖስታ ሣጥን እንዲላክ ጠየቀ። በኢሜይሉ ውስጥ የክፍያ ማስፈንጠሪያም ነበረው።

አንባቢ ሊይዘው የሚገባው ዝርዝር እዚህ ላይ ነው። ለፌዴራል ታክስ የሚጻፍ ቼክ ተከፋዩ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ነው፤ በቼኩ ላይ የሚጻፈውም United States Treasury የሚለው ስም ነው። እውነተኛው ሲፒ2000 በፖስታ ይመጣል። ልዩነቱ የተገኘበትን ገቢ በዝርዝር ያሳያል፣ ግብር ከፋዩም «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብሎ የሚመልስበት ቅጽ አብሮት አለ። ሐሰተኛው ወረቀት አርማውን ሊቀዳ ይችላል። የመቃወሚያ ጊዜ መስጠት ግን አይሆንለትም፤ ጊዜ ከሰጠ ይጋለጣላ።

የመብራት ጥሪ በንግድ ቤት

የመብራት ድርጅትን ስም የሚይዘው ማጭበርበር ትናንሽ ንግዶችን፣ በተለይም ሬስቶራንቶችን አጥብቆ ይፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ የመብራት፣ የውኃና የጋዝ ድርጅቶች ይህን ለመከላከል በ2016 የጋራ ኅብረት እስከማቋቋም ደርሰዋል። የተለመደው ጥሪ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት የሚከተለውን ምሳሌ እንውሰድ።

ዓርብ ቀትር ላይ ቤቱ በተመጋቢ ተሞልቷል። ስልኩ ይደወላል፤ መስኮቱ ላይ የመብራት ድርጅቱ ስም ይታያል። ደዋዩ የቤቱን ስምና አድራሻ በትክክል ጠርቶ፣ 980 ዶላር ውዝፍ ስላለ ቆራጩ ሠራተኛ መንገድ ላይ መሆኑንና በ45 ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርስ ይናገራል። ባለቤቷ «ከፍያለሁ እኮ» ስትል አይከራከራትም። «ክፍያዎ በሲስተሙ አልታየም፣ አሁን ይክፈሉና ሲጣራ ይመለስልዎታል» ይላታል። በክሬዲት ካርድ ልክፈል ብትለው ለማቋረጫ ትእዛዝ ካርድ አንቀበልም ብሎ ጊፍት ካርድ እንድትገዛ፣ በዜል እንድትልክ ወይም በላከላት የኪውአር ኮድ ቢትኮይን ማሽን ላይ እንድትከፍል ይነግራታል። መጠራጠሯን ካየ መልሳ የምትደውልበት ቁጥር ይሰጣታል። ስትደውልበት የድርጅቱ የሚመስል የተቀዳ ድምፅ «ለክፍያ 1ን ይጫኑ» ይላታል። ከከፈለች በኋላ ደግሞ ክፍያው በሌላ ስም ስለገባ እንደገና መክፈል አለብዎት የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል።

በዚህ ጥሪ ውስጥ የሚያሳምኑ የሚመስሉት ነገሮች ሁሉ በቀላሉ የሚገኙ ናቸው። የቤቱ ስምና አድራሻ በጉግል ላይ አለ። በስልኩ መስኮት የሚታየውን ስምና ቁጥር ደዋዩ እንደፈለገ ማስመሰል ይችላል። የተቀዳውን ድምፅ ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል። ደዋዩ ብዙ ጊዜ የማያውቀው ቢሉ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥርና ባለፈው ወር የተከፈለውን ትክክለኛ መጠን ነው።

እውነተኛው አሠራር

አይአርኤስ የሚፈለግ ዕዳ ሲኖር ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ሲፒ14 የሚባል ደብዳቤ በፖስታ ይልካል። ለመክፈልም በአብዛኛው 21 ቀን ይሰጣል። ካልተከፈለ ተጨማሪ ማሳሰቢያዎች ይከተላሉ። የባንክ ሒሳብ ወይም ደመወዝ ከመያዙ በፊት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የ30 ቀን የመጨረሻ ማስታወቂያና የመሰማት መብት መሰጠት አለበት። ይህ የመሰማት መብት በ1998 በወጣ ሕግ የተደነገገ ነው። መክፈል ያቃተው ሰው በየወሩ ከፍሎ ለመጨረስ ሊስማማም ይችላል።

መብራት ለመቁረጥም የየግዛቱ ተቆጣጣሪ ያወጣው ሥርዓት አለ። አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ የሚቆረጥበት ቀንና ቅሬታ የሚቀርብበት መንገድም ይገለጻል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስልክ መደወሉ ብቻ ሐሰት መሆኑን አያረጋግጥም። የመብራት ድርጅቶች ውዝፍ ላለበት ደንበኛ ይደውላሉ። አይአርኤስም ከ2017 ጀምሮ አንዳንድ የቆዩ ዕዳዎችን በግል ሰብሳቢዎች በኩል ያስፈጽማል፤ እነሱም ይደውላሉ። ነገር ግን ሰብሳቢዎቹ ከመደወላቸው በፊት አይአርኤስም እነሱም ለየብቻ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ክፍያውም ለግምጃ ቤቱ እንጂ ለእነሱ አይደለም። ጊፍት ካርድ የሚጠይቅ ግን ማንም ይሁን ማን አጭበርባሪ ነው፤ በዚህ ላይ ልዩ ሁኔታ የለም።

ማጣራት

ማጣራት ማለት ደዋዩን በጥያቄ ማፋጠጥ አይደለም። የሰለጠነ ደዋይ ለጥያቄ ሁሉ መልስ አለው። ስልኩን ዘግቶ በሌላ መንገድ መሄድ ይሻላል። ለመብራት፣ በቆየ ቢል ላይ ወደታተመው ቁጥር መደወል ወይም የራስን አካውንት ከፍቶ ሒሳቡን ማየት ይበቃል። ለታክስ፣ IRS.gov ላይ የራስን አካውንት ከፍቶ የዕዳውን መጠን ማየት ይቻላል። ዕዳ ከሌለ ነገሩ አለቀ፤ ካለም የሚከፈልበት ትክክለኛ መንገድ እዚያው ይገኛል።

ቁጥሩን ጉግል ላይ መፈለግ ግን አደጋ አለው። አጭበርባሪዎች የድርጅቱን ስም ይዘው ማስታወቂያ ስለሚገዙ፣ ከላይ የሚወጣው ቁጥር የራሳቸው ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወላጆች ደግሞ ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ልጅ ወይም ጎረቤት አስቀድሞ መታወቁ ይረዳል። ደዋዩ «ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ለማንም እንዳይናገሩ» የሚለው ይህ ሰው እንዳይጠራበት ነው።

ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ

ማስመለስ መቻሉ በተከፈለበት መንገድና በፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው። በጊፍት ካርድ የከፈለ ሰው ካርዱንና ደረሰኙን ይዞ በዚያው ሰዓት ለካርዱ አውጪ ድርጅት መደወል አለበት፤ ገንዘቡ ገና ካልወጣ ሊታገድ ይችላል። በባንክ ወይም በዜል የተላከን ለባንኩ ማመልከት ይገባል፤ ሰውየው ራሱ ፈቅዶ የላከውን ማስመለስ ግን ከባድ ነው። ቢትኮይን በአብዛኛው አይመለስም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን የሰጠ ሰው በሦስቱ የክሬዲት መዝጋቢዎች ዘንድ ክሬዲቱን ማስቆለፍ ይኖርበታል፤ ይህም ያለ ክፍያ ይሠራል።

በአይአርኤስ ስም የተፈጸመ ማጭበርበር ለግምጃ ቤቱ የታክስ ተቆጣጣሪ ቢሮ፣ ሌላው ደግሞ ReportFraud.ftc.gov ላይ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይጠቆማል። በወራት ውስጥ «ገንዘብዎን እናስመልስልዎ» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ሌላ ደዋይ ቢመጣ እሱም የዚያው ማጭበርበር ቀጣይ ነው። የተታለሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ተመልሶ ይሸጣልና።