የ«ቀጭን» ዘመዶች

አንድ ጸሐፊ አርብ ገበያ ስላያት ወጣት «ከሲታ ወገቧን በመቀነት ሸብ አድርጋ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሊያሞግሳት ፈልጎ ታማሚ አደረጋት። «ቀጭን» ልክን ብቻ ይናገራል፤ ወገብ ላይ ሲያርፍ ያሞካሻል፣ ክንድ ላይ ሲያርፍ ያሳስባል። «ሸንቃጣ» የአካል ቅንብርንና ቅልጥፍናን ይጨምርበታል። «ከሲታ» ግን «ከሳ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለሆነ ከኋላው ታሪክ አለው፤ አንባቢው «ምን አገኛት?» ብሎ ረኀብን፣ ሕመምን ወይም ሐዘንን ይጠረጥራል። «ቀጫጫ» ደግሞ ንቀት አያጣውም።

መለያው ቀላል ነው፤ ቃሉን ለባለቤቱ ፊት ለፊት መናገር። «ሸንቃጣ ነሽ» ስትባል ፈገግ የምትለው «ከስተሻል» ስትባል ምክንያት መደርደር ትጀምራለች። አዲስ አበባ ስፖርት የምትሠራ ሴት «ቀጠንሽ» ሲሏት ደስ ይላት ይሆናል። «ወፈርሽ» ምርቃት በሆነበት ገጠር ግን «ቀጠንሽ» ያስደነግጣል።

ከብት ተራ ሲደረስ ጨዋታው ይለወጣል። በሬውን «ሸንቃጣ» ብሎ የሚሸጥ የለም፤ ወይ ሰብቷል ወይ ከስቷል። ጮማ የሌለው ሥጋም «ቀይ» እንጂ «ቀጭን» አይባልም።

የጤና ዘገባ የሚጽፍ ሰው ደግሞ «የቀነጨረ»ን በ«ቀጫጫ» አይተካ። መቀንጨር ቁመት ከዕድሜ አንጻር ሲያንስ ነው፤ የቀነጨረ ልጅ ቀጭን ላይሆን ይችላል።