ፍሪጅ ምግብ በአግባቡ እያቀዘቀዘ የኋላ ግድግዳው ላይ በረዶ የሚጋገረው ለምንድን ነው?

ወተቱ ቀዝቅዟል፤ አትክልቱም አልተበላሸም። የፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ላይ ግን ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው በረዶ ተጋግሯል። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ የተስተጓጎለው ማቀዝቀዙ ሳይሆን በረዶውን የማቅለጡ ሥራ ነው።

ውስጣቸው ማራገቢያ በሌላቸው ፍሪጆች ቅዝቃዜው የሚመነጨው ከኋላ ግድግዳው ጀርባ ከተሸሸገ ቱቦ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ግድግዳው ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም ስስ አመዳይ ሆኖ ይለጠፍበታል። ኮምፕሬሰሩ ሲያርፍ የውስጡ አየር 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን አመዳዩ ይቀልጣል። ውሃው ከግድግዳው ግርጌ ባለች ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ወርዶ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ባለ ሳህን ላይ ይጠራቀማል፤ በሙቀቱም ይተናል። ስለዚህ ስስ አመዳይና የውሃ ጠብታ ማየት የጤናማ ፍሪጅ ምልክት ነው።

በረዶው የሚወፍረው ይህ ዕረፍት ሲጠፋ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ በደረሰ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የበሩ ላስቲክ አንድ ጥግ ላይ የላላ ፍሪጅ አለ እንበል። በክፍተቱ ሞቃትና እርጥብ አየር ያለማቋረጥ ይገባል። ባለቤቱ ምግቡ እንዳይበላሽ ሰግቶ መቆጣጠሪያውን ወደ መጨረሻው ቁጥር ያዞረዋል። ፍሪጁ የታዘዘበት ቅዝቃዜ ላይ መድረስ ስለማይችል ኮምፕሬሰሩ አያርፍም፤ ግድግዳውም የሚቀልጥበት ጊዜ አያገኝም። ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ በረዶው ግን በየቀኑ ይጨምራል። በረዶ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ሲወፍር ኮምፕሬሰሩን ይበልጥ ያደክማል።

መንስኤውን ለመለየት በሩን በወረቀት ላይ ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ላስቲኩ በዚያ ቦታ አይገጥምም። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውሃ ከተኛ የመውረጃ ቀዳዳው ተደፍኗል። ላስቲኩ ደህና ሆኖ፣ መቆጣጠሪያውም መካከለኛ ቁጥር ላይ እያለ ኮምፕሬሰሩ ጨርሶ የማያርፍ ከሆነ ቴርሞስታቱን ወይም የሙቀት መለኪያውን ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

በማራገቢያ በሚሠሩትና በረዶን በራሳቸው በሚያቀልጡት ፍሪጆች ግን ነገሩ ይለያል። በፍሪዘሩ የኋላ ሽፋን ላይ በረዶ ከተጋገረ የሚጠረጠረው አመዳዩን የሚያቀልጠው ማሞቂያ ወይም መቆጣጠሪያው ነው።

በረዶውን ለማስወገድ ፍሪጁን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፤ በሩን ከፍተው በራሱ እስኪቀልጥ ይጠብቁ። በቢላ መፈቅፈቅ ግን አደገኛ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ቱቦ ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።